ትንሹን ዕዳ ወይስ ወለዱ የከበደውን?

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

*እኔና ባለቤቴ ሦስት ዕዳ አለብን። አንደኛው ባለቤቴ ከሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደረው ነው፤ 9,000 ብር ቀርቶታል፣ ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ነው፣ በወር ቢያንስ 500 ብር መክፈል አለብን። ሁለተኛው የባንክ ብድር ነው፤ 24,000 ብር፣ 18 በመቶ፣ በወር ቢያንስ 1,000 ብር። ሦስተኛው የክሬዲት ካርድ ነው፤ 40,000 ብር፣ 30 በመቶ፣ በወር ቢያንስ 1,500 ብር። ለሦስቱም በየወሩ 5,000 ብር ለይተናል።*

*እኔ ትንሹን ቶሎ ዘግተን እንገላገል እላለሁ፤ የበረዶ ኳስ የሚሉት ዘዴ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ወለዱ የከበደውን ካርድ እናስቀድም ይላል፤ ይኸኛውን የበረዶ ናዳ ይሉታል። ባለፈው ዓመት በእሱ መንገድ ጀምረን በአምስተኛው ወር ተሰላችተን ተውነው። የእሱ ደመወዝ ቋሚ ነው፤ የእኔ ገቢ ግን አንዳንድ ወር ይቀንሳል። የማን መንገድ ቶሎ ይጨርሳል? በወለድስ ምን ያህል ይለያያሉ?*

ሁለት ልብ የሆነች

---

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወረቀትና ማስሊያ ይዤ ተቀመጥኩ። ቁጥሮቹን አሟልተሽ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ፤ ብዙ ሰው ዕዳውን ሲነግረኝ ወለዱን ይረሳዋል፣ ያለ ወለዱ ደግሞ ይህ ጥያቄ አይመለስም።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ሁለታችሁንም ያስገርማችሁ ይሆናል። በአንቺም መንገድ ብትሄዱ በባለቤትሽ፣ የመጨረሻውን ክፍያ የምትከፍሉት በዚያው በ18ኛው ወር ነው። የሁለተኛው መልስ ግን የተለየ ነው፤ በአንቺ መንገድ በጠቅላላው 16,096 ብር ወለድ ትከፍላላችሁ፣ በእሱ መንገድ 13,151 ብር። ልዩነቱ 2,945 ብር ነው።

እንዴት እንደደረስኩበት ላሳይሽ፤ ቁጥሩን ራስሽ ካላየሽው ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሩ ክርክሩ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የዓመቱን ወለድ ለ12 ስናካፍለው የማኅበሩ ብድር በወር 1 በመቶ፣ የባንኩ 1.5 በመቶ፣ የካርዱ 2.5 በመቶ ይሆናል። በየወሩ መጨረሻ መጀመሪያ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታከላል፣ ከዚያ ክፍያው ይቀነሳል። ሦስቱም ዕዳዎች ዝቅተኛ ክፍያቸውን ካገኙ 3,000 ብር ይሄዳል፤ የቀረው 2,000 ብር በየወሩ ወደ አንዱ ዕዳ ብቻ ይገባል። ክርክራችሁ ሁሉ ይህ 2,000 ብር ወደየትኛው ይሂድ የሚል ነው። ዕዳ ሲዘጋ ደግሞ ለእሱ ይከፈል የነበረው ገንዘብ በሙሉ ወደ ተከታዩ ዕዳ ይዛወራል፤ ይህ በሁለቱም ዘዴዎች አንድ ነው። በካርዱ ላይ አዲስ ዕዳ እንደማይጨመር አድርጌ ነው ያሰላሁት።

ከአንቺ መንገድ ልጀምር። ለማኅበሩ ብድር በወር 2,500 ብር ስትከፍሉ 9,000 ብሩ ከመጀመሪያው ወር በኋላ 6,590፣ ከዚያ 4,156፣ ከዚያ 1,697 ይሆናል። በአራተኛው ወር 1,714 ብር ከፍላችሁ ትዘጉታላችሁ፣ የተረፈው 786 ብር በዚያው ወር ወደ ባንኩ ይሄዳል። ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ባንኩ በወር 3,500 ብር ያገኛል፣ በ11ኛው ወር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ 5,000 ብሩ በሙሉ ወደ ካርዱ ይዞራል፤ በ18ኛው ወር 4,096 ብር ከፍላችሁ ትጨርሳላችሁ።

ካርዱ ግን እስከዚያ ድረስ ምን ሲሆን እንደቆየ ተመልከቺ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ለካርዱ 15,000 ብር ትከፍላላችሁ፣ ዕዳው ግን ከ40,000 ወደ 34,398 ብቻ ነው የሚወርደው። ከ15,000 ብሩ 9,398 ብር ወለድ በልቶታል። ባለቤትሽን ያሳሰበው ይህ ነው፣ ትክክልም ነው።

በእሱ መንገድ ካርዱ ከመጀመሪያው ወር 3,500 ብር ያገኛል። በ14ኛው ወር ይዘጋል፣ ባንኩ በ17ኛው ይከተላል፣ የማኅበሩ ብድር በ18ኛው ወር 1,151 ብር ተከፍሎ ያልቃል። ለካርዱ የምትከፍሉት ወለድ በአንቺ መንገድ ከሚከፈለው 13,368 ብር ወደ 7,703 ብር ይወርዳል። በሌላ በኩል የባንኩ ወለድ ከ2,514 ወደ 4,494 ብር፣ የማኅበሩ ከ214 ወደ 955 ብር ከፍ ይላል፤ እነሱ ደግሞ ሲጠብቁ ስለቆዩ ነው። ትርፉና ኪሣራው ተቻችሎ የሚቀረው 2,945 ብር ነው። ባለቤትሽ «በካርዱ ብቻ ከ5,600 ብር በላይ እናተርፋለን» ብሎሽ ከሆነ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ዕዳዎች የሚያስከፍሉትን ጭማሪ ረስቶታል።

እንግዲህ 2,945 ብር ሲለያዩ የሚያልቁበት ወር እንዴት አንድ ሆነ? በሁለቱም መንገዶች ለ17 ወራት እኩል 5,000 ብር ትከፍላላችሁ፤ የወለዱ ልዩነት የሚታየው በመጨረሻው ወር ክፍያ ላይ ብቻ ነው። በአንቺ መንገድ የመጨረሻው ክፍያ 4,096፣ በእሱ መንገድ 1,151 ብር ነው። ልዩነቱ ከ4,096 ብሩ የመጨረሻ ክፍያ ስለሚያንስ ወሩን ሊያሻግር አልቻለም። በወር የለያችሁት 5,000 ሳይሆን 4,000 ብር ቢሆን ኖሮ የአንቺ መንገድ በ24ኛው፣ የእሱ በ23ኛው ወር ያልቅ ነበር፤ የወለዱ ልዩነት ግን ያው 2,945 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ዘዴዎችን በሚያልቁበት ወር ብቻ የሚያወዳድር ሰው ራሱን ሊያታልል ይችላል። ወር ሸካራ መለኪያ ነው፤ ወለዱን አብረሽ መጠየቅሽ ጥሩ ሆነ።

ከዚሁ ስሌት የወጣ ሌላ ቁጥር አለ፣ ለእኔ ከቅደም ተከተሉ ክርክር ይልቅ የሚከብደኝ እሱ ነው። ወርሃዊው ገንዘብ ከ5,000 ወደ 4,000 ሲቀንስ ወለዱ በአንቺ መንገድ 21,134፣ በእሱ መንገድ 18,188 ብር ይደርሳል። በሁለቱም ወደ 5,040 ብር ይጨምራል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን መሳሳት 2,945 ብር ያስከፍላችኋል፤ በየወሩ 1,000 ብር ማጉደል ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ያስከፍላችኋል። ሁለታችሁ በቅደም ተከተሉ ላይ ስትከራከሩ 5,000 ብሩ እንዳይሸራረፍ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ባለፈው ዓመት ልመለስ። በባለቤትሽ መንገድ ጀምራችሁ በአምስተኛው ወር እንደተዋችሁት ጽፈሻል። በዚያ ወር የእናንተ ዓይነት ስሌት ምን ያሳያል? ጠቅላላው ዕዳ ከ73,000 ወደ 54,470 ብር ወርዷል፤ ይህ ብዙ ነው። ነገር ግን ሦስቱም ዕዳዎች አሁንም አሉ፣ ሦስቱም በየወሩ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ የመጀመሪያው ዕዳ የሚዘጋው ገና ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ሰው እየከፈለ ምንም ያልተለወጠ ይመስለዋል። ሰነፎች ስለሆናችሁ አልነበረም የተዋችሁት፤ የምታዩት ውጤት ስላልነበረ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ዴቪድ ጋልና ብሌክሊ ማክሼን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት ዕዳቸውን በአንድ ድርጅት አማካይነት ሲያቃልሉ የነበሩ ሰዎችን መዝገብ መርምረዋል። ካሉባቸው ዕዳዎች ብዙዎቹን የዘጉ ሰዎች፣ የተዘጋው ዕዳ መጠን ትንሽም ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከዕዳ የመውጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ከባድ ችግር ውስጥ የገቡ ሰዎች መዝገብ ስለሆነ፣ መዝጋቱ ራሱ አበረታቷቸው ነው ወይስ በመጀመሪያም ቆራጥ ሰዎች ስለነበሩ ነው የሚለውን ብቻውን አይፈታም። ሆኖም እናንተ በራሳችሁ ላይ ያያችሁት ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል፣ እኔም የእናንተን ልምድ ከማንኛውም ጥናት አስበልጬ እቆጥረዋለሁ። አንድ ጊዜ የተውሽው ዘዴ ወለዱን የሚቆጥበው ከተከተልሽው ብቻ ነው።

ሌላው ነገር የአንቺ ገቢ ነው። በደብዳቤሽ መጨረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል፣ ለእኔ ግን ዋናው ቁም ነገር እዚያ ነው ያለው። ዕዳ ሲዘጋ ከወለዱ በተጨማሪ አንድ ግዴታ አብሮ ይወርዳል። 12ኛውን ወር እንውሰድ። በአንቺ መንገድ የቀረው ካርዱ ብቻ ነው፣ 26,761 ብር፣ የግድ የሚከፈለውም 1,500 ብር ነው። በባለቤትሽ መንገድ በጠቅላላው የቀረው 24,965 ብር ነው፤ ያነሰ ነው። የግድ የሚከፈለው ግን አሁንም 3,000 ብር ነው፣ ሦስቱም ዕዳዎች ስላልተዘጉ። በዚያ ወር ገቢሽ ቀንሶ ለዕዳ 2,500 ብር ብቻ ቢኖራችሁ፣ በአንቺ መንገድ ያለ ችግር ታልፉታላችሁ፤ በእሱ መንገድ የአንዱን አበዳሪ ክፍያ ታጓድላላችሁ፣ ቅጣትም ይከተላል። አንድ ሁለት ጊዜ የሚመጣ የመዘግየት ቅጣት የቆጠባችሁትን ወለድ መሸርሸር ይጀምራል።

ስለዚህ ለእናንተ የምመክረው ሁለቱን ማዋሐድ ነው። የማኅበሩን ብድር አስቀድማችሁ ዝጉ፤ ከዚያ ግን ባንኩን ዘልላችሁ በቀጥታ ወደ ካርዱ ሂዱ፣ ባንኩን ለመጨረሻ አቆዩት። እስከ አራተኛው ወር ያለው ከአንቺ መንገድ ጋር አንድ ነው፤ በዚያ ወር 9,000 ብሩ ይዘጋል፣ የተረፈው 786 ብር ግን ወደ ካርዱ ይገባል። ከአምስተኛው ወር ጀምሮ ለካርዱ 4,000፣ ለባንኩ 1,000 ብር ትከፍላላችሁ። ካርዱ በ15ኛው ወር ይዘጋል፣ ባንኩ በ18ኛው ወር 2,445 ብር ተከፍሎ ያልቃል። ጠቅላላው ወለድ 14,445 ብር ነው። ሦስቱን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጬልሻለሁ፦

| መንገድ | የመጀመሪያው ዕዳ የሚዘጋበት ወር | ሁለተኛው | የመጨረሻው | ጠቅላላ ወለድ |
|---|---|---|---|---|
| የአንቺ፦ ማኅበር፣ ባንክ፣ ካርድ | 4 | 11 | 18 | 16,096 ብር |
| የባለቤትሽ፦ ካርድ፣ ባንክ፣ ማኅበር | 14 | 17 | 18 | 13,151 ብር |
| የተዋሐደው፦ ማኅበር፣ ካርድ፣ ባንክ | 4 | 15 | 18 | 14,445 ብር |

የተዋሐደው መንገድ ከባለቤትሽ መንገድ 1,294 ብር ይበልጣል። ለዚህ ገንዘብ የምትገዙት ነገር ግልጽ ነው፤ በአራተኛው ወር የመጀመሪያውን ዕዳ ትዘጋላችሁ፣ ከዚያ ወዲያ የግድ የሚከፈለው ከ3,000 ወደ 2,500 ብር ይወርዳል። የቅድሙ ዓይነት ክፉ ወር ቢመጣ 2,500 ብሩ ልክ ይበቃችኋል። ባለፈው ዓመት በአምስተኛው ወር ላይ እንዳቋረጣችሁ ሳስብ፣ በአራተኛው ወር ለሚገኝ መዘጋት 1,294 ብር ተገቢ ዋጋ ሆኖ ይታየኛል። ባንኩንም ከካርዱ አስቀድሞ ለመዝጋት ተጨማሪ 1,650 ብር መክፈል ግን አይታየኝም። ሁለተኛውን ዕዳ በ15ኛው ምትክ በ11ኛው ወር ማየት ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የ30 በመቶ ወለድ ገና ከ30,000 ብር በላይ በሆነ ዕዳ ላይ እየተቆጠረ ነው።

የሁለታችሁም ገቢ ቋሚ ቢሆን ኖሮና ከዚህ በፊት ባታቋርጡ ኖሮ ያለ ማመንታት የባለቤትሽን መንገድ እመክር ነበር። ይህን ለእሱ ንገሪልኝ፤ ስሌቱ ላይ አልተሳሳተም።

አሁን ስለ አንድ ስህተት ላስጠንቅቃችሁ፤ የአንቺን ዘዴ የሚከተሉ ሰዎች በብዛት የሚወድቁበት ነው። ትንሹ ዕዳ ሲዘጋ 500 ብሩ ነጻ የወጣ ገንዘብ ይመስላል። «ተገላገልን፣ ትንሽ እንተንፍስ» ይባልና ወደ ቤት ወጪ ይገባል። ባንኩ ሲዘጋ ደግሞ 1,000 ብሩ ይከተላል። ይህን በአንቺ ቅደም ተከተል አስልቼዋለሁ፤ 18 የነበረው ወር 23 ይሆናል፣ ወለዱም ከ16,096 ወደ 18,489 ብር ይወጣል። 2,393 ብር ነው፤ እናንተ ከምትከራከሩበት የቅደም ተከተል ልዩነት ብዙም አያንስም። የበረዶ ኳሱ እየተንከባለለ የሚገዝፈው የተዘጋው ዕዳ ክፍያ ሁሉ በተከታዩ ላይ ስለሚደመር ነው፤ ያ ከተቋረጠ ስሙ ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 5,000 ብሩ ደመወዝ በገባ ዕለት ወደ ሌላ የባንክ ሒሳብ በራሱ ይዛወር፣ ክፍያዎቹ ሁሉ ከዚያ ሒሳብ ይውጡ። ዕዳ ሲዘጋ የሚለወጠው ከዚያ ሒሳብ ወደ ማን እንደሚሄድ ብቻ ይሆናል።

በካርዱም ላይ ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ለአንቺ የተነገረሽ ዝቅተኛ ክፍያ 1,500 ብር ነው፣ እኔም እስከ መጨረሻው እንደዚያ አድርጌ ነው ያሰላሁት። በብዙ ካርዶች ግን ዝቅተኛው ክፍያ ከቀሪው ዕዳ በመቶኛ ስለሚታሰብ ዕዳው ሲቀንስ አብሮ ይቀንሳል። መግለጫው ላይ አነስ ያለ ቁጥር ስታዩ ክፍያችሁን አብራችሁ አትቀንሱ። ዕዳውን በ1,500 ብር ብቻ ብትገፉት ካርዱ ብቻውን 45 ወር ይፈጃል፣ ወለዱም 26,742 ብር ይደርሳል። ዝቅተኛው ክፍያ ሲያንስ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ነገር ከአበዳሪዎቹ አጣሩ፤ ካላጣራችሁ ያሰላሁት ሁሉ ሊናድ ይችላል። የመጀመሪያው ወለዱ የሚታሰብበት መንገድ ነው። እኔ የሠራሁት በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ እንደሚታሰብ አድርጌ ነው። አንዳንድ ብድሮች ግን ወለዳቸው ብድሩ በተወሰደበት ቀን በመነሻው ገንዘብ ላይ አንድ ጊዜ ተሰልቶ በክፍያዎቹ ላይ ይከፋፈላል። እንደዚያ ከሆነ ቀድሞ መክፈል ወለዱን ላይቀንስ ይችላል፣ ያንን ብድር ማስቀደምም ትርፍ የለውም። እንዴት ይታወቃል? የክፍያ ሰንጠረዡን ተመልከቱ፤ በየወሩ ለወለድ የሚሄደው ገንዘብ እየቀነሰ ከሆነ በቀሪው ላይ የሚታሰብ ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወር አንድ ዓይነት ከሆነ አይደለም። የባንካችሁ ብድር እንዲህ ከሆነ እኔ የመከርኩት ቅደም ተከተል ይበልጥ ይጸናል፤ ባንኩ መጨረሻ ላይ መቆየቱ ምንም አያስከፍላችሁም። የማኅበሩ ከሆነ ግን ያን ጊዜ መጀመሪያ መዝጋቱ የሚሰጣችሁ ዕፎይታውንና የ500 ብሩን ግዴታ መውረድ ብቻ ነው። ቀድሞ ለሚዘጋ ብድር ቅጣት ይጠየቅበት እንደሆነም በዚያው ጠይቁ።

ሁለተኛው ትርፍ ክፍያው እንዴት እንደሚመዘገብ ነው። በዚህ እኔ ራሴ ተጎድቻለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ብድር ቶሎ ለመጨረስ በየወሩ ከተወሰነው በላይ እከፍል ነበር። ስድስት ወር ያህል ከከፈልኩ በኋላ መግለጫዬን ሳይ ዕዳዬ እኔ ያሰብኩትን ያህል አልወረደም፤ ትርፉን ገንዘብ ለሚቀጥሉት ወራት ቅድመ ክፍያ አድርገው መዝግበውት ኖሯል። ገንዘቡ በእጃቸው ተቀምጦ እያለ ወለዱ በሙሉ ዕዳው ላይ ይቆጠር ነበር። ሄጄ ተከራከርኩ፣ የወደፊቱን አስተካከሉልኝ፣ ያለፈው ግን አለፈ። ስለዚህ ትርፉ ከዋናው ገንዘብ ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከመጀመሪያው ትርፍ ክፍያ በኋላም መግለጫውን ተቀብላችሁ ቁጥሩን ከስሌታችሁ ጋር አስተያዩ። የማኅበሩ ብድር ከመጀመሪያው ወር በኋላ 6,590 ብር ካልሆነ የሆነ ነገር ተሳስቷል፤ ሁለተኛውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከአምስተኛው እስከ 14ኛው ወር ላለው ረጅም ጊዜ። በእነዚያ አሥር ወራት የሚዘጋ ዕዳ የላችሁም፣ ባለፈው ዓመት የተሰማችሁ መሰላቸት የሚመለሰው ያኔ ነው። ለዚያ ጊዜ ቀሪውን ዕዳ ሳይሆን የወሩን ወለድ በወረቀት ላይ መዝግቡ። በመጀመሪያው ወር የሦስቱ ዕዳዎች ወለድ 1,450 ብር ነው፤ 90 ከማኅበሩ፣ 360 ከባንኩ፣ 1,000 ከካርዱ። ካርዱ ላይ 4,000 ብር መክፈል ስትጀምሩ ይህ ቁጥር በየወሩ በግልጽ ይወርዳል። በመጀመሪያው ወር 1,000 ብር የነበረው የካርዱ ወለድ በ13ኛው ወር 258 ብር ብቻ ነው። ከምትከፍሉት 4,000 ብር 3,742ቱ ከዋናው ዕዳ ላይ ይነሳል። ይህን ቁጥር ባለቤትሽ ይጻፈው፤ እሱ ወለዱን መከታተል ይወዳል፣ አንቺ ደግሞ የሚዘጉትን ዕዳዎች ትቆጥሪያለሽ።

በአራተኛው ወር የማኅበሩ ብድር ሲዘጋ የመዘጋቱን ማረጋገጫ በጽሑፍ ተቀበሉ። ዋስ የሆናችሁ ሰው ካለም ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አብራችሁ ጠይቁ። ያን ዕለት ማኅበሩ ጋ አብራችሁ ሂዱና ስትመለሱ 786 ብሩን ወደ ካርዱ አስገቡ።